ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጌም ስቲም ዴኬ ባትሪ ይበላል፤ ምን አጠፋሁ?

ባትሪ_አለቀ · ማታ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ስቲም ዴክ የሚባለውን የእጅ ጌም መጫወቻ፣ ያገለገለ፣ ይዞልኝ መጣ። የመጀመሪያው ነው፣ ኤልሲዲ ስክሪን ያለው። ጠዋት ከጣፎ ወደ ሳሪስ በሰርቪስ ነው የምሄደው። መንገዱ ከተጨናነቀ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ማታም ያው ነው። ቢሮ ቻርጅ እንዳላደርግ አለቃዬ ሶኬቷን እንደ ልጁ ነው የሚጠብቃት። ስለዚህ አንድ ቻርጅ ደርሶ መልስ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት፣ እንዲበቃኝ እፈልጋለሁ።

የምጫወተው ዊቸር 3 ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ይዘጋ ነበር። ሪዞሉሽኑን ከ1280x800 ወደ 960x600 አወረድኩት። ምስሉ ደበዘዘ፣ ባትሪው ግን ያው ነው! አምስት ደቂቃ እንኳ አልጨመረም። ቲዲፒ የሚባለውን የቺፑን የዋት ጣሪያ አልነካሁም፣ 15 ላይ ነው። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

አራት_ኪሎ_ቦይ · ማታ 2:52

ብሮ፣ ሪዞሉሽን ምናምን ተወው። ሦስት ነጥብ ያለበትን ቁልፍ ተጫን፣ የባትሪ ምልክቷ ጋ ግባ፣ TDP Limit አብራና 5 ላይ አድርገው። አለቀ። እኔ ሁሉንም ጌም በ5 ዋት ነው የምጫወተው፣ አምስት ሰዓት ይቆይልኛል። የቀረው ወሬ ነው።

ጋሽ_ታዴ · ማታ 3:05

ልጄ፣ ባትሪ እንዲበረክትልህ ከፈለግክ ሁልጊዜ መቶ በመቶ አትሙላው። 80 ሲደርስ ንቀለው። ዜሮ እስኪገባም አትጠብቅ። እኔ ላፕቶፔን እንዲህ እያደረግኩ ስድስት ዓመት ይዣታለሁ።

ባትሪ_አለቀ · ማታ 3:09

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን 80 ላይ ከነቀልኩት መንገዱ አጋማሽ ላይ ሊዘጋብኝ ነው 😅

@አራት_ኪሎ_ቦይ አሁን 5 ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ሜዳ ላይ 20 ኤፍፒኤስ፣ ከተማ ስገባ ፈረሱ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ይሄ ጨዋታ አይባልም።

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 3:31

ባትሪ_አለቀ፣ የተሳሳትከው ነገር አንድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። የፍሬም ገደብ፣ ማለትም በሰከንድ ከስንት ምስል በላይ አይሥራ የሚለውን፣ ሳታደርግ ነው ሪዞሉሽኑን ያወረድከው።

እንዲህ አስበው። ቺፑ 15 ዋት ተፈቅዶለታል። በ1280x800 አቅሙን ሁሉ ጨርሶ 48 ወይም 50 ፍሬም ይሰጥሃል። ሪዞሉሽኑን ስትቀንስለት ሥራው ቀለለ። ታዲያ «እፎይ» ብሎ ያርፋል? አያርፍም። ማንም በቃህ ስላላለው በተረፈው ጉልበት ተጨማሪ ፍሬም ይሠራል። 50 የነበረው 60 ይሆናል፣ ዋቱ ግን እዚያው ነው። አንተ ባትሪ ለመቆጠብ የሰጠኸውን እሱ ፍሬም አደረገው።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦ መጀመሪያ የፍሬም ገደብ፣ ቀጥሎ ሪዞሉሽን፣ ቲዲፒ በመጨረሻ። አራት_ኪሎ_ቦይ ከመጨረሻው ነው የጀመረው። የሚጫወታቸው 2D የሆኑ ትንንሽ ጌሞች ከሆኑ ድሮም ከ5 ዋት በላይ አይበሉም፣ ለዚህ ነው የሠራለት።

ከዚያ በፊት ግን መለካት አለብህ። እዚያው ገጽ ላይ Performance Overlay Level የሚል አለ። ወደ 4 አድርገውና ከቻርጀር ንቀለው፤ ተሰክቶ እያለ የባትሪው ዋት ምንም አይነግርህም። ጌሙ ውስጥ አንድ ቦታ ምረጥ፣ ካሜራውን አታንቀሳቅስ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል የባትሪውን ዋት ተመልከት። ሁልጊዜ ያንኑ ቦታ ተጠቀም። አለዚያ ጫካን ከክፍል ውስጥ ጋር እያወዳደርክ ራስህን ታታልላለህ።

የምታየው የባትሪው ዋት የመሣሪያው ሁሉ ነው። ቲዲፒው ግን የቺፑ ብቻ ነው። ስክሪኑ፣ ዋይፋዩ፣ ስቶሬጁ፣ ማራገቢያው ከዚያ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ቲዲፒን በግማሽ ብትቀንስ ሰዓትህ እጥፍ አይሆንም።

ቁጥሮቹን ይዘህ ና።

ሻርጃ_ላይ · ማታ 3:48

እኔ ሮግ አላይ ነው ያለኝ፣ ዜድ1 ኤክስትሪም። ሳይለንት 10 ዋት ላይ ስጫወት ጌሙ አይሄድም። የጓደኛዬ ስቲም ዴክ ግን በ10 ዋት ጥሩ ይሄዳል። ውድ ዕቃ ገዝቼ በርካሹ ልበለጥ? ማታ እንዲተኛ አድርጌ ትቼው ጠዋት ደግሞ ባትሪው ወርዶ አገኘዋለሁ።

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 4:02

@ሻርጃ_ላይ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የአንተ ስክሪን 1920x1080 ነው። የዴክ 1280x800። ሲባዛ ያንተ ሁለት ሚሊዮን ፒክስል ይሆናል፣ የእሱ አንድ ሚሊዮን። በአንድ ዓይነት ዋት እጥፍ ሥራ እያዘዝከው ነው። ጌሙን ወደ 1280x720 አውርደውና እንደገና ሞክር። ሁለተኛ፣ ያንተ ቺፕ ስምንት ኮር አለው፣ የዴኩ አራት። ዋት ሲበዛለት ያንተ ጥሎት ይሄዳል፤ ከአሥር በታች ሲወርድ ግን የዴክ ቺፕ ለዚያ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ይሻላል። 13 ወይም 15 ላይ ከፍሬም ገደብ ጋር ብትይዘው ይጠቅምሃል።

የመተኛቱ ነገር የዊንዶውስ ጣጣ ነው፣ እዚህ ክር ውስጥ አንጨርሰውም። ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት አድርገው፣ ለጊዜው።

ባትሪ_አለቀ · በማግስቱ፣ ማታ 1:55

ለካሁ! ኖቪግራድ ከተማ በር ላይ ቆሜ ነው፣ ዝናብ የለም፣ የስክሪኑ ብርሃን ግማሽ።

በነበረው አኳኋን፣ 1280x800፣ ገደብ የለም፦ 24 ዋት።
960x600፣ ገደብ የለም፦ 23 ዋት። አንቺ እንዳልሽው ኤፍፒኤሱ 60 ገብቷል፣ ዋቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ግን አንድ የገረመኝ ነገር አለ። የጌሙ ሜኑ ላይ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ 14 ዋት ይላል። ሜኑ 14 ዋት ምን ይሠራለታል?

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 2:10

ሜኑ ላይ 14 ጤነኛ አይደለም። እዚያው ገጽ ላይ Manual GPU Clock Control የሚል አለ። በርቶ እንደሆነ እይ። ኦቨርሌዩ ላይ የጂፒዩ ፍጥነት ፈጽሞ የማይቀያየር ከሆነም ምልክቱ እሱ ነው።

ባትሪ_አለቀ · ማታ 2:14

በርቷል! 1600 ላይ። እኔ አልነካሁትም፣ ከድሮው ባለቤት ጋር የመጣ ይመስለኛል።

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 2:26

አጥፋው። ሰው ስሙን አይቶ «ከ1600 አትለፍ» የሚል ገደብ ይመስለዋል። ገደብ አይደለም። «ሁልጊዜ 1600 ላይ ሁን» ማለት ነው። ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ጂፒዩው ይሮጣል። መኪና ቆሞ ነዳጅ እንደመርገጥ ነው። ሆን ብለህ የሚያስፈልግህ ጌም ካላገኘህ በቀር አይበራም።

አሁን የፍሬም ገደቡን አስተካክል። Frame Limit የሚለውን 40 አድርገው። ለምን 30 ወይም 60 አልልህም? 60 ላይ እያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። 30 ላይ 33.3። የሁለቱ መሀል 25 ነው፤ 25 ደግሞ 40 ኤፍፒኤስ ነው። ቁጥሩን ስታየው 40 ወደ 30 የቀረበ ይመስላል፣ እጅህ ላይ የሚሰማህ ግን ትክክል መሀሉ ነው። ስለዚህ ነው የዴክ ሰዎች 40ን የሚወዱት።

አንድ ነገር ግን አለ። ስክሪኑ በ60 ኸርዝ እየሠራ ፍሬም 40 ቢሆን አይካፈልም። አንዱ ፍሬም አንዴ፣ ሌላው ሁለቴ ይታያል፣ ምስሉም የሚያነክስ ይመስላል። ያንተ ስክሪን ከ60 እስከ 40 ኸርዝ መውረድ ይችላል። በአሁኑ ሶፍትዌር ገደቡን ስታንቀሳቅስ ስክሪኑን ራሱ አብሮ ያስተካክለዋል። የድሮ ሶፍትዌር ከሆነ ማንሸራተቻዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱንም 40 አድርግ። ኦሌድ ያላችሁ 45 ይሻላችኋል፣ ስክሪናችሁ 90 ስለሆነ።

ከዚህ ሁሉ በፊት Use per-game profile የሚለውን አብራ። አለዚያ ነገ ሌላ ጌም ስትከፍት «ለምን 40 ላይ ቆመ» ብለህ እዚህ ትመጣለህ።

ጎል_አግቢ · ማታ 2:41

ይቅርታ ግን ይህን የዴክ የፍሬም ገደብ እኔ አልወደውም። ኳስ ስጫወት ቁልፍ ከተጫንኩ በኋላ ተጫዋቹ ዘግይቶ ነው የሚመታው። በጌሙ ውስጥ ያለውን ገደብ ስጠቀም ይሻለኛል።

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 2:50

ልክ ነህ፣ የሲስተሙ ገደብ መዘግየት ይጨምራል። ለኳስና ለመደባደቢያ ጌም የጌሙን ገደብ ተጠቀም፣ ካለው። ችግሩ ብዙ ጌም 30 እና 60 ብቻ ነው የሚሰጥህ፣ 40 የለውም። በፈረስ ለሚሄድ ሰው ግን ያቺ መዘግየት አትሰማም።

ጎል_አግቢ · ማታ 2:53

ለእኔ በፈረስም ይሰማኛል። ሰው ይለያያል።

ባትሪ_አለቀ · ማታ 3:20

የጂፒዩውን ነገር ሳጠፋው ሜኑው ወደ 9 ወረደ። 40 ካደረግኩ በኋላ ከተማው በር ላይ፣ 1280x800 ሙሉ፣ 17.5 ዋት። ያለ ምንም ድብዘዛ! ከዚያ ወደ 1024x640 አወረድኩት፦ 14.5።

አሁን ሪዞሉሽኑ ሠራ ማለት ነው። ትናንት ምንም ያልቀነሰው ዛሬ ሦስት ዋት ቀነሰ።

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 3:38

ገደቡ ስላለ ነው። አሁን የተረፈው ጉልበት የሚሄድበት ስለሌለው ቺፑ ፍጥነቱን ቀነሰ። ፍጥነት ሲቀንስ ቮልቴጁም ይወርዳል። የቮልቴጅ ነገር ደግሞ ትንሽ ሲወርድ ዋቱ በብዙ ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፍሬሞች በጣም ውድ የሆኑት።

960x600 ድረስ አትውረድ። 1024x640 ላይ አቁመህ Scaling Filter የሚለውን ኤፍኤስአር ወደሚባለው ምስል ማጥሪያ አድርገው፣ የጥርት መጠኑን ሁለት ወይም ሦስት ላይ ተወው። አምስት ላይ ሲሆን ቅጠሉ ሁሉ አሸዋ ይመስላል። ይሄ ኤፍኤስአር የሚሠራው ጌሙ በእርግጥ ዝቅ ባለ ሪዞሉሽን ሲወጣ ብቻ ነው። ጌሙ «ቦርደርለስ» ላይ ከሆነ ሪዞሉሽኑን አልቀይርም ሊልህ ይችላል። ያኔ ከጌሙ ወጥተህ Properties ውስጥ Game Resolution ላይ 1024x640 ስጠው።

ጌሙ ራሱ ውስጡ ኤፍኤስአር 2 ካለው ደግሞ ሌላ ነው። የእሱ ጥቅም ጽሑፍና ካርታው በሙሉ ጥራት ይቀራሉ፣ የሚደበዝዘው ዓለሙ ብቻ ነው። የሲስተሙ ግን ጽሑፉንም አብሮ ነው የሚለጥጠው። ነገር ግን ኤፍኤስአር 2 ለራሱም ሥራ ይፈልጋል፣ በዚህች ትንሽ ጂፒዩ ላይ ነፃ አይደለም። ሁለቱንም ለካና ዋቱ ያነሰውን ውሰድ። ሁለቱን ደርበህ ግን አታብራ።

አራት_ኪሎ_ቦይ · ማታ 3:44

እና ቲዲፒስ? ጨርሶ አያስፈልግም ነው የምትይው?

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 4:00

ያስፈልጋል፣ ግን ጣሪያ ነው። ቺፑ በ40 ፍሬም 8 ዋት ብቻ ከፈለገ፣ ጣሪያውን ከ15 ወደ 10 ብታወርደው አማካዩ ላይ ምንም አታተርፍም። የሚጠቅምህ ጌሙ ሲጭን ወይም ድንገት ሲንር ነው። ያቺን ንረት ይቆርጥልሃል።

ከሚፈልገው በታች ካወረድከው ደግሞ ሲፒዩና ጂፒዩ ከአንድ ትሪ ይሻማሉ። ትናንት ፈረሱ የዘለለው ለዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ሰው ስለሚበዛ ሲፒዩው ይበላል፣ ጂፒዩው ይራባል። ኦቨርሌዩ ላይ ጂፒዩ 99 በመቶ እያለ ፍጥነቱ ግን ከወረደ፣ የፍሬም ጊዜዋ መስመርም እንደ ሰጋ ልብ ከዘለለች፣ ረሃብ ነው።

አሠራሩ፦ ጌሙ ውስጥ ከባድ የሆነውን ቦታ ፈልግ። ለዊቸር የኖቪግራድ ገበያ ነው። 12 ላይ ጀምርና አንድ አንድ ዋት ቀንስ። መስመሯ መዝለል ስትጀምር ሁለት ጨምር። እዚያ ተወው። ሜዳ ላይ ቆመህ ከለካህ ግን ተሸወድክ።

ባትሪ_አለቀ · ማታ 4:35

ገበያው ላይ 9 ድረስ ሰላም ነው። 8 ሲሆን አልፎ አልፎ። 7 ላይ ይዘላል። አንቺ እንዳልሽው 9 ላይ ተውኩት።

ግን ሒሳቡ አልገባኝም። ባትሪው 40 ዋት ሰዓት ነው ይላሉ። 40 ለ14.5 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ከ45 ይሆናል። ዛሬ ከሙሉ ጀምሬ ለካሁት፣ ሁለት ሰዓት ከ20 ላይ ተዘጋ።

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 4:42

ያገለገለ ነው ብለሃል። 40 የሚሆነው አዲስ እያለ ነው። ዴስክቶፕ ሞድ ግባ፣ ኮንሶል ክፈትና ይህን ጻፍ፦

```
upower -d
```

energy-full እና energy-full-design የሚሉትን አነጻጽር።

ባትሪ_አለቀ · ማታ 4:50

design 40 ይላል። energy-full 35። አምስቱን የድሮው ባለቤት በልቷቸዋል።

ጋሽ_ታዴ · ማታ 5:02

80 ላይ ንቀል ያልኩት እኮ ለዚህ ነበር።

ባትሪ_አለቀ · ማታ 5:04

ጋሼ ይቅርታ 🙏

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 5:15

ጋሽ ታዴ ስለ ባትሪው ዕድሜ ልክ ናቸው፤ ጥያቄው ስለ ዛሬ መንገድ ስለነበር ነው የተላለፋችሁት። ቅዳሜና እሁድ ቤት ተሰክቶ ሲውል የቻርጅ ገደቡን 80 አድርገው። አሁን በሴቲንግ ውስጥ አለ። ለሥራ ቀን መቶ ሙላው።

አሁን ሒሳቡን ከኋላ ጀምር። 35 አለህ፣ ሦስት ሰዓት ትፈልጋለህ። በአማካይ ከ11.7 ዋት በላይ አትችልም። አንተ 14.5 ላይ ነህ። ገና ሦስት ዋት ማግኘት አለብህ።

ከየት? ስክሪኑ ግማሽ ላይ ነው ብለሃል፣ ማታ ሰርቪስ ውስጥ ወደ ሩብ አውርደው። ኤልሲዲ ስለሆነ ከጀርባ ያለው መብራት ነው የሚበላው። ኤርፕሌን ሞድ አድርግ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ዋት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ቢሰጡህ ነው፣ ተአምር አትጠብቅ። ከዚያ ጥላውን ወደ መካከለኛ፣ ሣርና የሰው ብዛቱን ወደ ዝቅተኛ። የጥላው በጣም ይጠቅማል። ያልበቃህ እንደሆነ 30።

ሻርጃ_ላይ · ማታ 5:20

720 አድርጌ 15 ዋት ላይ ሞከርኩት፣ 40 ገደብ። ኧረ በጣም ተሻለ! ሃይበርኔቱ ግን ሲነሳ ድምፁ ይጠፋል።

ጎል_አግቢ · ማታ 5:26

@ሻርጃ_ላይ የእኔም እንደዚያ ነው፣ ሪስታርት ሳላደርግ መፍትሔ አላገኘሁለትም።

ባትሪ_አለቀ · ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማታ 2:05

ሪፖርት። ጠዋት 40 ፍሬም፣ ጥላ መካከለኛ፣ ኤርፕሌን ሞድ፣ 12.8 ዋት አካባቢ። ማታ ስክሪኑን ሩብ አድርጌ፣ 30 ፍሬም፣ 10.5። ዛሬ ጣፎ ስደርስ 6 በመቶ ቀርቶት ነበር።

30 ላይ ስገባ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ያናድዳሉ፣ ከዚያ ይለመዳል። ጠዋት ግን አልለውጠውም፣ 40 ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። 1024x640 ላይ የንግግሩ ጽሑፍ ጉንዳን ሆኗል። ሰርቪሱ ሲንገጫገጭ አላነበውም።

ዋት_ቆጣሪዋ · ማታ 2:17

ሴቲንግ ውስጥ የንግግር ጽሑፉን መጠን ማሳደግ ትችላለህ። ካልበቃህ 1152x720 ሞክርና ስንት ዋት እንደጨመረ ንገረኝ። ከግማሽ ዋት እስከ አንድ ይመስለኛል፣ ያንተን ቁጥር ግን ማየት እፈልጋለሁ።

አራት_ኪሎ_ቦይ · ማታ 2:30

እኔ 5 ዋት ላይ ነኝ አሁንም። ግን ዊቸርን አውርጄ ነበር ትናንት... ምንም አልልም 😂